የሆቴል መያዣ ገንዘብና የተጠያቂነት ውል፦ እንግዳው በሚገባው አማርኛ እንዴት ይተረጎማል?

አንዲት እንግዳ ሁለት ሌሊት አድረው ሊወጡ ሲሉ ሪሴፕሽኑ ላይ 4,000 ብር ቆጥረው አስቀመጡ። የክፍሉ ኪራይ ለአንድ ሌሊት 3,000 ነው። ሲገቡ 2,000 ብር ሰጥተዋል፤ ስለዚህ የቀረባቸው 4,000 ነው ብለው አስበዋል። እንግዳ ተቀባዩ ግን “6,000 ይከፍላሉ፤ ክፍሉ ከታየ በኋላ 2,000ው ይመለስልዎታል” አላቸው። ክፍሉ ሲታይ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያው ተቃጥሏል። ዋጋው 1,400 ብር ነው ተባለና 600 ብር ብቻ ተመለሰላቸው። እንግዳዋ “ቀብድ ከፍዬ እንዴት እንደገና ሙሉ ኪራይ እጠየቃለሁ? ደግሞስ ማን ነው ከቀብዴ ላይ የቆረጠው?” ብለው ተቆጡ። የፈረሙበትን ወረቀት አውጥተን ስናየው የሰጡት ገንዘብ በግልጽ “የጉዳት ቀብድ” ተብሎ ተጽፏል። እንግዳዋ ወረቀቱን ያነበቡት በትክክል ነው። የተሳሳተው ቃሉን የመረጠው ሰው ነበር።

ያን ወረቀት ከእንግሊዝኛው እንደገና የተረጎምኩት እኔ ነኝ። የሠራሁበትን ቅደም ተከተል ከዚህ በታች አስቀምጣለሁ። ምሳሌው ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህችው 2,000 ብርና በውሃ ማፍያው ላይ ነው።

1. ከወረቀቱ በፊት የገንዘቡን መንገድ ይከተሉ

የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ከፍተው መተርጎም አይጀምሩ። መጀመሪያ ሪሴፕሽን ሄደው ገንዘቡ በእውነት የሚሄድበትን መንገድ ይጠይቁ። ማን ይቀበላል? ደረሰኝ ይቆርጣል? ገንዘቡ የሚቀመጠው ከዕለቱ ገቢ ጋር ተቀላቅሎ ነው ወይስ ለብቻው በፖስታ? ክፍሉን የሚያየው ማነው? እንግዳው ባለበት ነው ወይስ ከወጣ በኋላ? ተመላሹ የሚሰጠው እዚያው ነው ወይስ በባንክ?

እኔ ስጠይቅ ሦስት ሰዎች ሦስት መልስ ሰጡኝ። እንግዳ ተቀባዩ “እዚያው እንመልሳለን” አለ። ገንዘብ ያዧ ደግሞ “ማታ ከሆነ እስከ ጠዋት ይቆያል” አለች። የክፍል ጽዳት ኃላፊዋ ያለ እንግዳው ነው የምናየው አሉ። የእንግሊዝኛው ወረቀት ስለ አንዱም አያወራም፤ “ምርመራ ከተደረገ በኋላ” ብሎ ያልፋል። ተርጓሚው ይህን ዝምታ በራሱ ግምት መሙላት የለበትም። ጥያቄዎቹን በአንድ ገጽ ጽፎ ለሥራ አስኪያጁ ይስጥ፤ መልሱን በጽሑፍ ይቀበል። እንግዳው የሚጨቃጨቀው ወረቀቱ ዝም ባለባቸው በእነዚህ ነጥቦች ላይ ነው።

2. ለገንዘቡ ስም ይምረጡ፤ ዋናው ሥራ ይህ ነው

ለዚህ ገንዘብ በአማርኛ አራት ቃላት ይቀርባሉ። እያንዳንዱ በአንባቢው አእምሮ ውስጥ የተለየ ታሪክ አለው።

ቀብድ፦ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው፤ ለዚህ ገንዘብ ግን አይሆንም። ቀብድ ማለት ውሉ መታሰሩን የሚያሳይ፣ ከዋጋው ላይ የሚታሰብ ክፍያ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ከአንቀጽ 1883 ጀምሮ ለቀብድ የራሱ ደንብ አለው፤ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ካልፈጸመ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ሆቴሉ ለጉዳት የያዘውን ገንዘብ “ቀብድ” ሲለው ያላሰበውን የሕግ ልብስ እያለበሰው ነው። እንግዳዋ 4,000 ብር ቆጥረው ያስቀመጡትም ቃሉን ገበያ ላይ በሚያውቁት መንገድ ስለተረዱት ነው።

ማስያዣ፦ ለጆሮ ቅርብ ነው። ነገር ግን ሆቴል ውስጥ “ክፍል ማስያዝ” የሚባል ሌላ ነገር አለ። “የማስያዣ ገንዘብ 2,000 ብር” የሚለውን ያነበበ ሰው ክፍሉን አስቀድሞ ለማስያዝ የተከፈለ ነው ብሎ ቢወስደው አይፈረድበትም። ባንክ ወይም ጨረታ ላይ ችግር የማይፈጥረው ቃል ሆቴል ላይ ይፈጥራል።

አደራ፦ አንዳንድ ተርጓሚ ደስ የሚል ቃል ሲፈልግ ይወስደዋል። በአማርኛ አደራ የተሰጠ ነገር እንዳለ የሚመለስ፣ የማይነካ ነገር ነው። ከአደራ ላይ 1,400 ብር መቀነስ ለአማርኛ ተናጋሪ አደራ መብላት ነው። ይህን ቃል እንግዳው በሆቴሉ ካዝና ለሚያስቀምጠው ዕቃ ይቆጥቡት፤ በቁጥር 4 ላይ ያስፈልገናል።

መያዣ፦ ከአራቱ የሚሻለው ይህ ነው። ሰው ዕዳ ወይም ግዴታ እስኪለይ ድረስ የሚያዝ ነገርን በዚህ ቃል ያውቀዋል። ለብቻው ግን አይበቃም፤ ሁለት ነገር መጨመር አለበት። አንደኛው ለምን እንደተያዘ፣ ሁለተኛው መመለሱ። እኔ የተጠቀምኩት “ተመላሽ የጉዳት መያዣ ገንዘብ” የሚለውን ነው፤ ከዚያ በኋላ በጽሑፉ ውስጥ “መያዣው” ብቻ። ሪሴፕሽኑ በአፍ “ዲፖዚት” ማለቱን አይተውምና በመጀመሪያው አረፍተ ነገር ላይ “በተለምዶ ዲፖዚት የሚባለው” ብዬ አገናኘሁት። የተነገረውና የተጻፈው ካልተያያዘ እንግዳው ሁለት የተለያየ ክፍያ ያለ ሊመስለው ይችላል።

ስሙ አንድ ጊዜ ከተመረጠ እስከ መጨረሻው አይለወጥ። የአማርኛ ድርሰት ትምህርት ቃል መደጋገም አስቀያሚ ነው ብሎ አሳድጎናል። ውል ላይ ግን ያው ገንዘብ በአንድ ቦታ “መያዣ”፣ በሌላ “ዋስትና”፣ በሦስተኛው “ተቀማጭ” ከተባለ አንባቢው ሦስት ገንዘብ ይቆጥራል። ደረሰኙ ላይም ያው ቃል ይጻፍ፤ ይህን የሚረሳው ብዙ ነው።

3. የጉዳቱን አንቀጽ ፈታተው እንደገና ይሥሩት

የቀድሞው ወረቀት እንዲህ ይል ነበር፦

“እንግዳው በክፍሉ ላይ ለሚደርስ ማንኛውም ጉዳት ወይም ኪሳራ፣ ከመደበኛ መልበስና መቀደድ በስተቀር፣ ተጠያቂ ይሆናል፤ ሆቴሉም በራሱ ብቸኛ ውሳኔ የመተኪያ ወጪውን ከቀብዱ ላይ ሊቀንስ ይችላል።”

ቃላቱ አማርኛ ናቸው፤ አረፍተ ነገሩ ግን ማንም አማርኛ ተናጋሪ የማይናገረው ነው። ክፍል በክፍል እንየው።

“መልበስና መቀደድ” የእንግሊዝኛውን ሁለት ቃል አንድ በአንድ ያመጣ ነው። ዋናው ሐሳብ ዕቃ በአገባቡ ሲሠራበት ከጊዜ ብዛት ማርጀቱ ነው። እንግዳውን ከክፍያ የሚያድነው ሐረግ ይህ ሆኖ ሳለ ማንም ሊረዳው በማይችል መልክ ተቀምጧል። “በአገልግሎት ብዛት ያረጀ፣ የደበዘዘ ወይም የላላ” ቢባል ይገባል።

“ኪሳራ” እዚህ ላይ ትርጉሙን ስቷል። እንግሊዝኛው የሚያወራው ስለ መጥፋት ነው፤ ፎጣ ወይም ሪሞት ሲጠፋ። በአማርኛ ኪሳራ የሚደርሰው ነጋዴ ላይ ነው። አንድ እንግዳ “ሆቴሉ ቢከስር እኔን ይጠይቃል?” ብሎ ቢጠይቅ ወረቀቱ አዎን የሚል ይመስላል።

“ተጠያቂ ይሆናል” የሚለውን ቀለል ያለ ቃል አድርጎ የሚያየው ብዙ ነው። ለእንግዳው ጆሮ ግን ተጠያቂነት ፖሊስ ጣቢያን ያስታውሳል። አንቀጹ የሚለው ገንዘብ ስለ መክፈል ነው፤ ስለዚህ “ይከፍላሉ” ይባል።

“ሊቀንስ ይችላል” ድርብ ትርጉም አለው። አንዱ “ምናልባት ይቀንስ ይሆናል” ነው፣ ሌላው “የመቀነስ መብት አለው” ነው። ውሉ የሚለው ሁለተኛውን ነው። “ይቀንሳል” ወይም “የመቀነስ መብት አለው” ብለው ይቁረጡት። “ይቀነሳል” ብሎ አድራጊውን መደበቅም አይጠቅምም፤ ማን እንደሚቀንስ በስም ይጠራ።

“በራሱ ብቸኛ ውሳኔ” የሚለው ላይ ተርጓሚው ይፈተናል። በአማርኛ ሲነበብ ይከብዳል፤ ሥራ አስኪያጁም “ትንሽ አለስልሰው” ይላል። አለስልሶ መተርጎም ግን እንግዳውን ማታለል ነው። ትክክለኛው አማርኛ “ስንት እንደሚቀነስ የሚወስነው ሆቴሉ ብቻ ነው” የሚል ነው። ሆቴሉ ይህን በገዛ ቋንቋው አንብቦ ካፈረበት የሚለወጠው ውሉ ነው። እኔ በሠራሁበት ሆቴል የሆነውም ይኸው ነበር፦ ሥራ አስኪያጁ አረፍተ ነገሩን ካነበቡ በኋላ የዕቃ ዋጋ ዝርዝር ተዘጋጅቶ ከውሉ ጋር እንዲያያዝ አዘዙ፤ እንግሊዝኛውም ተስተካከለ። ያን የወሰኑት እሳቸው ናቸው፤ በትርጉም ስም አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

“የመተኪያ ወጪ” ደግሞ የገንዘብ ልዩነት አለው። ሦስት ዓመት ያገለገለ የውሃ ማፍያ ሲቃጠል እንግዳው የሚከፍለው አሁን አዲስ የሚገዛበትን ነው ወይስ የአሮጌውን ግምት? እንግሊዝኛው አዲስ የሚገዛበትን ይላል። አማርኛውም “ተመሳሳይ አዲስ ዕቃ የሚገዛበትን ዋጋ” ብሎ በግልጽ ይናገር።

አንድ ነገር ደግሞ ከእንግሊዝኛው ውስጥ ጭራሽ የለም፤ ከእንግዳው አእምሮ ግን አይጠፋም። ብዙ ሰው መያዣው የክፍያው ጣሪያ ይመስለዋል፦ “2,000 ሰጥቻለሁ፤ ቢበዛ እሷን ነው የማጣው።” ቴሌቪዥን ቢሰበርስ? ይህን ለሆቴሉ ጠይቀው መልሱን በአንድ አረፍተ ነገር ያስገቡ። የጎብኚ ነገርም እንዲሁ ነው፤ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ያበላሸውን ማን ይከፍላል?

መልሶቹ ከመጡ በኋላ አንቀጹ እንዲህ ሆነ፦

“ክፍሉን ሲረከቡ 2,000 ብር ተመላሽ የጉዳት መያዣ ገንዘብ (በተለምዶ ዲፖዚት የሚባለው) ይሰጣሉ። ይህ ገንዘብ የክፍል ኪራይ አይደለም፤ ከኪራዩም ላይ አይታሰብም። ሲወጡ ኪራዩን ሙሉውን ይከፍላሉ።

ክፍሉን ሲለቁ የሆቴሉ ሠራተኛ እርስዎ ባሉበት ክፍሉን ያያል። የተሰበረ፣ የተቃጠለ ወይም የጠፋ ዕቃ ከሌለ 2,000 ብሩ ሙሉ በሙሉ እዚያው ይመለስልዎታል።

እርስዎ፣ አብሮዎት ያደረ ወይም ሊጠይቅዎት የመጣ ሰው ዕቃ ከሰበረ፣ ካቃጠለ ወይም ካጠፋ ተመሳሳይ አዲስ ዕቃ የሚገዛበትን ዋጋ እርስዎ ይከፍላሉ። ሆቴሉ ዋጋውን ከመያዣው ላይ ይቀንሳል፤ ቀሪውን ይመልስልዎታል። ዋጋው ከ2,000 ብር ከበለጠ ልዩነቱን ይጨምራሉ። የዕቃዎቹ ዋጋ ከዚህ ውል ጋር በተያያዘው ዝርዝር ላይ ይገኛል።

በአገልግሎት ብዛት ላረጀ፣ ለደበዘዘ ወይም ለላላ ዕቃ አይከፍሉም።

ምሳሌ፦ ሁለት ሌሊት አድረው ኪራዩ 6,000 ብር ቢሆንና 1,400 ብር የሚያወጣ የውሃ ማፍያ ቢያቃጥሉ፣ 6,000 ብር ይከፍላሉ፤ ከመያዣው 600 ብር ይመለስልዎታል።”

ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ይርዘም። በተለይ ምሳሌውን ማንም እንዲቆርጠው አይፍቀዱ። ሕግ የማያነብ ሰው ቁጥር ያነባል። ጽሑፉ “እርስዎ” እያለ እንግዳውን በቀጥታ ማናገሩም ይረዳል፤ “እንግዳው” ሲባል አንባቢው ስለ ሌላ ሰው የተጻፈ ይመስለዋል።

4. የተጠያቂነቱ አንቀጽ

እንግሊዝኛው ሆቴሉ “በግቢው ውስጥ” ለሚጠፋ ንብረት ተጠያቂ አይደለም ይላል። ችግሩ ያለው “ግቢ” ላይ ነው። በአማርኛ ግቢ ከቤት ውጭ ያለው የአጥሩ ውስጥ ነው። አንባቢው መኪና ማቆሚያውንና አትክልቱን አስቦ “ክፍሌ ውስጥ ያለው ግን ዋስትና አለው” ብሎ ይፈርማል። እንግሊዝኛው ግን ክፍሉንም ያጠቃልላል። መፍትሔው ቦታዎቹን መዘርዘር ነው፦ በክፍልዎ፣ በመተላለፊያ፣ በምግብ አዳራሽ፣ በመኪና ማቆሚያ።

ቀጥሎ ንብረትንና አካልን ይለዩ። “ጉዳት” በአማርኛ ሁለቱንም ይይዛል። ደረጃ ላይ ተንሸራቶ እግሩን የተሰበረ ሰውና ሻንጣው የጠፋበት ሰው በአንድ “ጉዳት” ውስጥ ከገቡ ውሉ ከተባለው በላይ ይናገራል። ስለ ዕቃ ሲሆን “መጥፋት፣ መሰበር፣ መበላሸት”፣ ስለ ሰው ሲሆን “የአካል ጉዳት” ይበሉ።

“ኃላፊነት አይወስድም” የሚለውም በሚከፈለው ነገር ይተካ፦ “ውድ ዕቃዎን በክፍል ትተው ቢጠፋ ሆቴሉ ካሳ አይከፍልም። ገንዘብ፣ ወርቅና ላፕቶፕ ሪሴፕሽን ባለው ካዝና በአደራ ያስቀምጡ፤ ደረሰኝ ይሰጥዎታል።” አደራ የሚለው ቃል እዚህ ሲገባ ሆቴሉ ሸክሙን እንደተቀበለ እንግዳው ወዲያው ይረዳል።

ይህን አንቀጽ ግን ለፊርማ ከማቅረብዎ በፊት ጠበቃ ይየው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ሆቴል ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ ሆቴል ስለ እንግዳ ንብረት ያለበትን ኃላፊነት በወረቀት ብቻ እንደፈለገ መጣል ይችላል ብለው አይገምቱ። የተርጓሚው ድርሻ እንግሊዝኛው የሚለውን በግልጽ ማስቀመጥና “ይህ በሕግ ይጸናል ወይ?” ብሎ በኅዳጉ ላይ መጠየቅ ነው።

ሥራ አስኪያጁ “ለምን ይህን ያህል እንደክማለን?” ካሉ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ሁለት አንቀጾች ያሳዩዋቸው። በአንቀጽ 1686 መሠረት አንድ ነጋዴ ለደንበኛው ሁሉ ያዘጋጃቸው ጠቅላላ የውል ሁኔታዎች ሌላው ወገን ካላወቃቸውና ካልተቀበላቸው አያስገድዱትም፤ የመንግሥት አካል ያወጣቸው ወይም ያጸደቃቸው ሲሆኑ ግን ይለያል። በአንቀጽ 1738 ደግሞ አንደኛው ወገን ባዘጋጀው ቅጽ ላይ ያለ ቃል የሚተረጎመው ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ ነው። ድፍንፍን ያለ አማርኛ የሚጎዳው መጨረሻ ላይ ሆቴሉን ነው።

5. ሰዓቱን ይመልከቱ

አጭር ነው፤ ግን ገንዘብ ያስከፍላል። እንግሊዝኛው ክፍል የሚለቀቀው 12:00 ላይ ነው ካለ አማርኛው “ከቀኑ 6 ሰዓት” ነው። “12 ሰዓት” ብሎ የተተረጎመ ወረቀት የፈረመ እንግዳ ማታ 12 ሰዓት ድረስ ቢቆይና ተጨማሪ ክፍያ ከመያዣው ላይ ቢቀነስበት ጥፋቱ የእሱ አይደለም። “ከቀኑ”፣ “ከምሽቱ” የሚለውን ሳይጽፉ ሰዓት አይጻፉ።

6. ሳያስረዱ ያስነብቡ

ረቂቁን ሆቴሉን ለማያውቁ ሦስትና አራት ሰዎች ይስጡ፤ ቢያንስ አንዱ በዕድሜ የገፋ ይሁን። “ገባዎት?” ብለው አይጠይቁ። ሰው ሁሉ ለይሉኝታ “አዎ፣ ገብቶኛል” ይላል። ይልቅ ሁኔታ ይስጧቸው፦ “ሦስት ሌሊት አደሩ፤ የወንድምዎ ልጅ ሊጠይቅዎት መጥቶ 2,500 ብር የሚያወጣ መስታወት ሰበረ። ስንት ይከፍላሉ? ስንትስ ይመለስልዎታል?” መልሱ ከኪራዩ ሌላ 500 ብር መጨመርና ከመያዣው ምንም አለመመለስ ነው። እኔ ስሞክር አንድ አባት “2,000ዋ ትቀራለች፤ ከዚያ በላይ አልከፍልም” አሉ። “ልዩነቱን ይጨምራሉ” የሚለው በወቅቱ የአንቀጹ መጨረሻ ላይ ተወርውሮ ነበር፤ ከቅናሹ አረፍተ ነገር አጠገብ ሳመጣው ቀጣዮቹ አንባቢዎች በትክክል መለሱ። ሁለት ሰው በአንድ ቦታ ከተሳሳተ ይህ የአንባቢ ድክመት አይደለም፤ አረፍተ ነገሩን ይቀይሩ።

7. ለፊርማ ማዘጋጀት

የመያዣውና የተጠያቂነቱ አንቀጽ ፊርማው ባለበት ገጽ ላይ ይሁኑ። የገንዘቡ መጠን በቁጥርም በፊደልም ይጻፍ፦ 2,000 (ሁለት ሺህ) ብር። ከፊርማው በላይ ደግሞ ክፍሉ ሲሰጥ የነበረበትን ሁኔታ የሚሞላ ቦታ ይተው፤ ቀድሞ የተሰነጠቀ መስታወት ሲገባ ካልተመዘገበ ሲወጣ የእንግዳው ይሆናል።

በመጨረሻ “ልዩነት ቢኖር የእንግሊዝኛው ቅጂ ይጸናል” የሚለውን መስመር ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ በትንሽ ፊደል ከታች አለ። እንግዳው የሚያነበውና የሚፈርመው አማርኛውን ከሆነ ይህ መስመር ያነበበውን ሁሉ ያፈርስበታል። ለሥራ አስኪያጁ ያሳዩና በአማርኛ ለሚፈርሙ እንግዶች አማርኛው እንዲጸና ይጠይቁ። ካልተስማሙ መስመሩን ወደ ላይ አውጥተው እንደሌላው አንቀጽ በትልቅ ፊደል ይጻፉት፤ እንግዳው ሳይፈርም ይየው።